83ኛው መኪና ላይ የሚቆመው ዳሽቦርድ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ዳታ ላይ ነው የምሠራው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱ 340 መኪኖች አሉን፤ በዚህ ዓመት 40 ይጨመራሉ። የጂፒኤስ ዳታውን ከአቅራቢው በኤፒአይ እንወስዳለን። ውሉ በደቂቃ 30፣ በቀን 2,000 ጥሪ ይላል። ስክሪፕቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይነሳና ለእያንዳንዱ መኪና የ3 ቀን ዳታ ይጎትታል፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ዘግይቶ የሚገባ አለ። ሁልጊዜ 83ኛውን መኪና እንደጨረሰ 429 ይላል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የቀረው ባዶ ነው። «የደቂቃው ገደብ ወደ 300 ከፍ ይበልልን» ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በቂ ማብራሪያ የለውም» ብለው መለሱት። እንዴት ልጻፍ? ስክሪፕቱን፣ ሎጉን፣ እስካሁን የገባውን ዳታና የአቅራቢውን ሰነድ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ስክሪፕትህን ሙሉውን አነበብኩት። እኔ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በሚቀበለው ወገን፣ አንድ የዳታ አቅራቢ ቤት ውስጥ፣ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከዚያኛው ጠረጴዛ በኩል ሆኜ ልንገርህ።

መልሱ ያለው 83 የምትለዋ ቁጥር ውስጥ ነው። መሣሪያው በየ30 ሰከንዱ አንድ ነጥብ ይልካል። በቀን 2,880 ነጥብ ማለት ነው። ስክሪፕትህ በአንድ ገጽ 500 ነጥብ ስለሚጠይቅ ለአንድ መኪና ለአንድ ቀን 6 ጥሪ ያደርጋል። አንድ ጥሪ ለጉዞ ማጠቃለያ፣ አንድ ደግሞ ለነዳጅ ጨምርበት፤ 8 ሆነ። ሦስት ቀን ስለሆነ 24። አሁን 2,000ን ለ24 አካፍለው። 83 ይመጣል።

ስለዚህ የያዘህ የደቂቃው ገደብ አይደለም። የቀኑ ነው። ያልያዘህን ገደብ ይጨመርልኝ ብለህ ነው የጻፍከው። ቢፈቅዱልህ ኖሮ እንኳ ስክሪፕቱ እዚያው 83ኛው መኪና ላይ ይቆም ነበር። ልዩነቱ ቶሎ መቆሙ ብቻ ነው።

ይህን ከመልሱ ራስጌ ላይም ማየት ትችላለህ። 429 ማለት «ጥሪ አብዝተሃል» ማለት ነው እንጂ የትኛውን ገደብ እንዳለፍክ አይነግርህም። የሚነግርህ አብሮት የሚመጣው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ካያያዝከው ሎግ ውስጥ ይህቺን ተመልከት፦

```
HTTP/1.1 429 Too Many Requests
Retry-After: 6780
X-RateLimit-Remaining: 0
```

6,780 ሰከንድ 1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው። የደቂቃው ገደብ ቢሆን ኖሮ ከ60 ሰከንድ በታች የሆነ ቁጥር ነበር የምታየው። መልሱ የመጣው ሌሊት 7 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ነው። 1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ስትጨምርበት ልክ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያርፋል። ሌሊት 9 ሰዓት በእኛ ማለት ደግሞ በUTC 00:00 ነው። የአቅራቢው ቀን የሚለወጠው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልንሄድ ነው። ግን ዛሬ አትጻፈው። ምክንያቱን ልንገርህ።

እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ደብዳቤውን ማንበብ አልነበረም። የደንበኛውን ቁልፍ ቁጥር አስገብተን የ30 ቀን የአጠቃቀም ግራፉን እንከፍታለን። ያንተ ግራፍ ምን እንደሚያሳይ ከስክሪፕትህ ማስላት ይቻላል። ከተሳካ ጥሪ በኋላ 2 ሰከንድ ትጠብቃለህ፤ ይህ ጥሩ ነው። 429 ሲመጣ ግን ሳትጠብቅ እዚያው በዚያው 5 ጊዜ ትሞክርና ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። በአንድ ሌሊት የምትፈልገው 8,160 ጥሪ ነው። 2,000ው ይሳካል። የቀረው 6,160 እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይሞከራል። 30,800 ውድቅ የተደረገ ጥሪ ማለት ነው፣ በየሌሊቱ። ግራፉ ላይ አንድ ትንሽ አረንጓዴ አምድ፣ ከጎኑ ትልቅ ቀይ ግንብ ሆኖ ይታያል። ያንን ያየ ኢንጂነር ደብዳቤህ የቱንም ያህል ቢያምር «ይሄ ሰውዬ ገደቡ ቢጨመርለት ቀዩንም አብሮ ያበዛዋል» ነው የሚለው። አልፈርድበትም። ሰርቨሩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪፕቱን አስተካክል፣ 7 ሌሊት አሂደው፣ ግራፉ ይጥራ፤ ከዚያ ጻፍ።

ማስተካከያው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። የገጹን መጠን ከ500 ወደ 1,000 አድርገው። የላክህልኝ ሰነድ እስከ 1,000 ድረስ ይፈቅዳል። 2,880 ነጥብ በ3 ገጽ ያልቃል። ከጉዞና ከነዳጅ ጋር ለአንድ መኪና ለአንድ ቀን 8 የነበረው 5 ይሆናል።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ያለፉትን ሁለት ቀናት ለ340ውም መኪና መልሰህ መጎተት የለብህም። መሣሪያው ኔትወርክ ሲያጣ ነጥቡን አጠራቅሞ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ኔትወርክ ያልጠፋበት መኪና ትናንት 2,880 ነጥቡን አሟልቷል፤ ዛሬ መልሰህ ብትጠይቀው ያንኑ ነው የሚሰጥህ። የየመኪናውን የነጥብ ብዛት በየሌሊቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ መዝግብ። ከ2,700 በታች ያመጣውን ብቻ መልሰህ ጠይቅ። ሁለት ቀን ተጠይቆ ያልሞላ መኪና ካለ ተወው፤ መሣሪያው ተነቅሎ ወይም ባትሪው ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ለጋራዡ ስሙን አሳልፈህ ስጥ። ካለህ የ83 መኪና ዳታ ተነስቼ ለ340ው እንደገመትኩት ከ2,700 በታች የሚሆኑት መኪኖች በከፋው ሌሊት 140 አካባቢ ናቸው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። አሁን ለአንድ መኪና ሦስቱንም ቀን ጨርሰህ ነው ወደሚቀጥለው የምትሄደው። ገልብጠው። መጀመሪያ የ340ውንም መኪና ያለቀውን ቀን ጎትት። 340 ሲባዛ በ5፣ 1,700 ነው። ይህ አሁን ባለህ 2,000 ውስጥ ይገባል! ማለትም ምንም ገደብ ሳይጨመርልህ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ሁሉም መኪና ይኖራል። የሚጎድለው ዘግይቶ የሚገባው ዳታ ብቻ ነው። ለእሱ 300 ጥሪ ይተርፍሃል፤ ያ ደግሞ 60 የመኪና ቀን ይሸፍናል። የሚያስፈልግህ 140 መኪና ለ2 ቀን፣ 280 የመኪና ቀን ነው። ያንን ክፍተት ዳሽቦርዱ ላይ አትደብቀው። ከእያንዳንዱ መኪና ጎን «የተሟላ» ወይም «በከፊል» የሚል ጻፍ። በከፊል የገባ ነዳጅ አይቶ ሹፌር የሚጠይቅ አለቃ እንዳይኖር።

429 ሲመጣ ስክሪፕቱ እንዲህ ይሁን፦

```python
if r.status_code == 429:
    wait = int(r.headers.get("Retry-After", 60))
    if wait > 900:
        raise SystemExit("daily quota reached")
    time.sleep(wait)
```

ከ15 ደቂቃ በላይ ጠብቅ ከተባልክ የቀኑ ገደብ አልቋል ማለት ነው፤ ውጣ። ከዚያ በታች ከሆነ የተባልከውን ያህል ጠብቀህ ቀጥል። አንድ ነገር ልብ በል፤ አንዳንድ አቅራቢ በዚህ ራስጌ ላይ በሰከንድ ፋንታ ቀንና ሰዓት ይልካል። ያንተው ሰከንድ ስለሆነ ይህ ይበቃሃል።

የመነሻውን ደቂቃም ቀይረው። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የሚነሳው ያንተ ስክሪፕት ብቻ አይደለም። በእኛ ሰዓት የሚሠራ ደንበኛ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ነው የሚነሳው። እኛ ቤት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግራፉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይረግባል። ሰርቨርህ በUTC ስለሚሠራ ክሮኑ እንዲህ ይሁን፦

```
17 21 * * *
```

ይህ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ከ17 ነው።

አሁን የምትጠይቀውን ቁጥር እናውጣ። የቀኑ 1,700። የዘገየው፣ 140 መኪና ሲባዛ በ2 ቀን ሲባዛ በ5፣ 1,400። ድምሩ 3,100። በኔትወርክ ምክንያት ለሚደገም ጥሪ 5 በመቶ ያዝ፣ 155። ለሚጨመሩት 40 መኪኖች ዘግይቶ የሚገባውን ጨምሮ 360 አካባቢ። 3,615 ይሆናል። 4,000 ብለህ ጠይቅ። 20,000 ብትል «ከየት መጣ?» ሲሉህ መልስ የለህም። 4,000ን ግን በየመስመሩ ማስረዳት ትችላለህ።

የደቂቃውን 30 አትንካው። 4,000 ጥሪ በየ2 ሰከንዱ 2 ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። 6 ሰዓት ከ17 የተነሳ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል፤ የአቅራቢው ቀን ከመለወጡ ግማሽ ሰዓት በፊት። የደቂቃው ገደብ የሚጠብቀው ሰርቨሩን ነው፤ ለመጨመር የኢንጂነሮች ፈቃድ ይፈልጋል። የቀኑ ገደብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዋጋ ጉዳይ ነው፤ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊው ብቻውን ሊፈርምበት ይችላል። «የደቂቃው እንዳለ ይቆይ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤህን ከከባዱ ጠረጴዛ ወደ ቀላሉ ታሻግረዋለች።

ደብዳቤው ይኸውልህ። ነጠብጣቡን ሙላ፣ ቁጥሩን ደግሞ ከ7 ሌሊት በኋላ በራስህ ሎግ አስተካክለው።

> ቀን፦ ……… (እ.ኤ.አ. ………)
>
> ለ……… የደንበኞች ቴክኒክ ድጋፍ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የቀን የኤፒአይ ጥሪ ገደባችን ከ2,000 ወደ 4,000 እንዲሻሻልልን ስለመጠየቅ
>
> የደንበኛ ቁጥራችን ……… ሲሆን የቁልፋችን የመጨረሻ 4 ፊደላት ……… ናቸው። የ340 መኪኖቻችንን የጂፒኤስ ዳታ በቀን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ዳሽቦርዳችን እንወስዳለን።
>
> ሥራው በየቀኑ በUTC 21:17 (በኢትዮጵያ ሌሊት 6 ሰዓት ከ17) ይጀምራል፤ ገደቡ ከተሻሻለ ከUTC 23:30 በፊት ያልቃል። ጥሪው የሚመጣው ከአንድ አድራሻ (………) ነው፤ በየ2 ሰከንዱ አንድ ጥሪ ብቻ እናደርጋለን፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ጥሪ የለም።
>
> የሚያስፈልገን ጥሪ፦ ለዕለቱ ዳታ 340 መኪና × 5 ጥሪ = 1,700፤ ኔትወርክ በማጣት ዘግይቶ ለሚገባ ዳታ ቢበዛ 140 መኪና × 2 ቀን × 5 ጥሪ = 1,400፤ ለሚደገም ጥሪና በዚህ ዓመት ለሚጨመሩ 40 መኪኖች 515። ድምር 3,615።
>
> ቀደም ሲል ስክሪፕታችን ገደቡ ካለቀ በኋላም ጥሪ ይደጋግም ነበር። ከ……… ጀምሮ አስተካክለነዋል። የገጹን መጠን ወደ 1,000 አሳድገናል፣ ያልተሟሉ መኪኖችን ብቻ መልሰን እንጠይቃለን፣ Retry-After እናከብራለን። ያለፉት 7 ሌሊቶች አጠቃቀም ይህን እንደሚያሳይ እናምናለን።
>
> ስለዚህ የቀን ገደባችን 4,000 እንዲሆንልን እንጠይቃለን። የደቂቃው 30 ገደብ እንዳለ ይቆይ። ለ30 ቀን በሙከራ ቢሰጠንና አጠቃቀማችን ታይቶ ቢጸና እንስማማለን። ተጨማሪ ክፍያ ካለው ዋጋውን ቢያሳውቁን።
>
> ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ከአንድ የተወሰነ ሰዓት ወዲህ የገባን ዳታ ብቻ የሚመልስ ጥሪ ወይም የዕለቱን ዳታ በአንድ ፋይል የምናወርድበት መንገድ ካለ እንዲነግሩን እንጠይቃለን።
>
> ሥራው በሰርቨራችሁ ላይ ጫና ከፈጠረ በሌሊትም ቢሆን በስልክ ………  ቢደውሉልን ወዲያውኑ እናቆማለን።
>
> ከሰላምታ ጋር

ስለ ደብዳቤው ጥቂት ልጨምርልህ።

«ቀደም ሲል ይደጋግም ነበር» የምትለዋን አታውጣት። አለቃህ «ጥፋታችንን ለምን እንናገራለን?» ሊልህ ይችላል። ግራፉ ላይ ተጽፏል፤ እነሱ አይተውታል። አንተ ቀድመህ ስትናገረው የተስተካከለበትን ቀን ከግራፉ ጋር ያስተያዩታል፣ ቀዩ ግንብ የጠፋበትን ቦታ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ የጻፍከውን ሌላውንም ቁጥር ያምኑታል።

ሰዓቱን ሁልጊዜ በUTC ጻፍ፣ የእኛን ከጎኑ አድርግ። «ሌሊት 6 ሰዓት» ብቻ ብለህ የጻፍከው ደብዳቤ ወደ ውጭ ላለ የቴክኒክ ቡድን ሲተረጎም ጠዋት 06:00 ይሆናል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጄ ገብቶ አይቻለሁ። ደንበኛው እኩለ ሌሊት ማለቱ ነበር፣ እኛ ግራፉን ማለዳ ላይ ፈልገን ምንም አጣን፣ ጉዳዩ 3 ሳምንት ተመላለሰ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ሎጉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የእኛን ቀን ከነሱ ጋር አብረህ ጻፍ።

ቁልፉን ሙሉውን በፍጹም አትጻፍ። ደብዳቤ በብዙ እጅ ያልፋል፣ ይቃኛል፣ በኢሜይል ይተላለፋል። የመጨረሻዎቹ 4 ፊደላት ለመለየት ይበቃሉ።

«የማይቻል ከሆነ» የሚለው አንቀጽ ከሁሉም የምወደው ነው። ከአንድ ሰዓት ወዲህ የገባውን ብቻ የሚመልስ ጥሪ ካላቸው የ1,400ው ጥሪ አብዛኛው ይጠፋል፣ ገደብም ላያስፈልግህ ይችላል። ሰነዱ ላይ ባይኖርም አንዳንዴ ለትልልቅ ደንበኞች ብቻ የተከፈተ አለ። ካልጠየቅክ ማንም አይነግርህም።

ሰዎች ሁለት አቋራጭ ይመክሩህ ይሆናል። አንዱ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ስም አውጥቶ ጥሪውን መክፈል ነው። አታድርገው። ሁለት ቁልፍ ከአንድ አድራሻ ሲመጣ ወዲያው ይታያል፤ ሁለቱም ሊዘጉብህ ይችላሉ፣ ደብዳቤህም አብሮ ይሞታል።

ሌላው ሥራውን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አካፍሎ የሁለት ቀን ገደብ መጠቀም ነው። ለመጀመሪያው ሌሊት ይሠራል። ከ9 ሰዓት በፊት 2,000፣ ከ9 በኋላ 1,100፣ ሞላ። በሚቀጥለው ሌሊት ግን ያ 1,100 ከዚያው ቀን ሒሳብ ላይ ተቆርጧል፤ ከ9 በፊት የቀረህ 900 ብቻ ነው፣ ከ9 በኋላ 2,000። 2,900 ይሆናል፣ 200 ይጎድልሃል። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ከ9 በፊት ምንም አይኖርህም። በ24 ሰዓት ውስጥ የምትፈልገው 3,100፣ የሚሰጥህ 2,000 ነው፤ የትም ብትቆርጠው ያው ነው።

ደብዳቤውን ከላክህ በኋላ 5 የሥራ ቀን ጠብቅና ደውል። ስትደውል «ደብዳቤዬ ምን ደረሰ?» አትበል። «429 የተመለሰባቸው ጥሪዎች ከቀኑ 2,000 ላይ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም?» ብለህ ጠይቅ። ቴክኒክ ክፍሉ ካልሆነ ማንም ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ መስመሩን ወደ ትክክለኛው ሰው ያዞሩልሃል። መልሱም ያስፈልግሃል። የሚቆጠሩ ከሆነ ለሚደገም ጥሪ የያዝከውን 155 ከፍ ማድረግ ይኖርብሃል።

«ተፈቅዷል» ሲሉህ ደግሞ በዚያው ሌሊት ሁለቱንም የቆዩ ቀናት አትልቀቅ። መጀመሪያ አንድ ጥሪ በእጅህ አድርግና `X-RateLimit-Limit` ላይ 4000 የሚል መውጣቱን እይ። ፈቃዱ በኢሜይል ደርሶ ቁልፉ ላይ ሳይገባ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ቁጥሩ ከታየህ የአንዱን የቆየ ቀን ብቻ ጨምረህ ሁለት ሌሊት አሂደው፣ ከዚያ ሌላውን። ከላይ ያልኩህን የነጥብ ብዛት ሰንጠረዥ ጠዋት ስትከፍተው «በከፊል» የሚለው ከ2 ቀን በላይ የቆየበት መኪና ካገኘህ ያን ጊዜ ነገሩ የገደብ አይደለም፣ የመሣሪያው ነው፤ ቁጥሩን ይዘህ ጋራዥ ውረድ።